«እሳቸው ግን ራስ»

አባቴ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ የላከ ዕለት የዘንገናን ሐይቅ ጉም ውጦት ነበር። ፍልሰታ ተፈትቶ የነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበርን። በዚያ ሰሞን እኛ አካባቢ ሰማይና መሬት የሚለያዩት ለትንሽ ጊዜ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት የግቢያችን አጥር አይታይም። የጎረቤት ላም ስታገሳ ከየት እንደሆነ አይለይም፤ ድምፁ ብቻ በነጩ ውስጥ ተንሳፍፎ ይመጣል። አስፋልቱ ከቤታችን ሩቅ ባይሆንም ወደ እንጅባራ የሚሄዱ መኪኖች መብራት አብርተው በዝግታ ሲያልፉ ከውኃ ሥር የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

እኔ እንጅባራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ክረምቱ ስለነበር ቤት ነኝ። እናቴ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ወንድሞቼም በየፊናቸው ሄደው እኔና አባቴ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። አባቴ በዕድሜው ሙሉ አርሶ፣ እርጅና ሲመጣ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ቀርከሃ ወደ መሥራቱ ዞሯል። ወንበር ይሠራል፣ ቅርጫት ይሠራል፣ የሚገዛው ሲያጣ ለጎረቤት ይሰጣል። ዝምተኛ ነው። ደስ ሲለው ግን ጣቶቹ ይፈጥናሉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጣቶቹ ፈጥነው ነበር። ምክንያቱን ቀስ ብዬ ነው የደረስኩበት። ለደም ግፊቱ በየወሩ እንጅባራ ሐኪም ቤት ይታያል፤ እዚያ ወረፋ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ አንዲት ወይዘሮ ይቀመጣሉ። ከግምጃ ቤት ከተማ ነው የሚመጡት፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ ተጠያየቁ። ቀጥሎ በአገራችን ቋንቋ፣ በአውንጊ ሆነ ወሬው። እኔ ከተማ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ አውንጊዬ የተሰባበረ ነው፤ ሁለቱ ሲያወሩ ግማሹ ያመልጠኛል። አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ ሰማኋቸው። አባቴ ረጅም ነገር ይናገር ነበር። በአማርኛ እንዲያ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ከዋዜማው ጀምሮ ጫማውን ይወለውላል። አንድ ጠዋት ጫማውን እንደያዘ፣

«አባዬ፣ ሽማግሌ አትልክም?» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«እኔማ ብያለሁ።»

ለረጅም ጊዜ ጫማውን ሲወለውል ቆየና፣ «እንግዲያስ መምህሩን እናነጋግር» አለ።

መምህሩ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩ ሰው። የንስሐ አባታችንን ጨምረው ሁለቱ ሊሄዱ ተስማሙ። ቀኑ እሑድ ሆነ። ከቅዳሴ መልስ ነጭ ለብሰው በጉሙ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ቆሙ፤ ሚኒባስ መጣ፤ ገቡ፤ ጉሙ ዋጣቸው። አባቴ መኪናው ከጠፋ በኋላም ወደሄደበት እያየ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመረ።

መልእክቱ የመጣው ከቀትር በፊት ነው። የአባቴ ስልክ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው፤ መስኮቱ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ኔትወርክ ቤታችን ውስጥ የሚገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ጢጥ አለ። ሁለታችንም ሰማን፤ ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን። በኋላ አባቴ፣

«መነጽሬ የት እንዳለ እንጃ፣ አንቺ አንብቢው» አለኝ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

አነበብኩለት።

«ደህና ደርሰናል። ወይዘሮዋ በክብር ተቀብለውናል። የመጣንበትን ጉዳይ ነግረናቸው ሰምተዋል። እሳቸው ግን ራስ»

«ቀጥይ» አለ።

«አለቀ።»

«ምን አለቀ?»

«እዚህ ላይ ቆመ። ‹እሳቸው ግን ራስ› ይልና ያበቃል።»

ስልኩን ተቀበለኝ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አየው። ወደ ታች የሚወርድ ነገር እንዳለ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ። ምንም የለም። መልሶ ሰጠኝና ሰንጥቆ ያስቀመጠውን ቀርከሃ አነሳ፤ ግን አልሠራበትም፤ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይዞት ተቀመጠ።

መልእክቱ እንደተቆረጠ ወዲያው ገብቶኛል። መምህሩ ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ የሚተዉ ሰው አይደሉም። «ደህና እደሩ» ብለው ሲጽፉ እንኳ አራት ነጥብ ያደርጉበታል። በዚያ ላይ የአማርኛ ፊደል ስልክ ላይ ቦታ ይፈጃል፤ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ሲጻፍ አንዱ መልእክት ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚላከው። አዳዲሶቹ ስልኮች ቁርጥራጩን ጠብቀው፣ ገጣጥመው አንድ አድርገው ያሳያሉ። የአባቴ ዓይነቱ ግን መጀመሪያ የደረሰውን ቁራጭ ብቻውን ያወጣዋል። ቀሪው አንዳንዴ ተከታትሎ ይደርሳል። አንዳንዴ ቆይቶ ይመጣል። ጭራሽ ሳይመጣ የሚቀርበትም ጊዜ አለ፤ በክረምት በተለይ።

ስለዚህ ትንሽ መጠበቅ ደንብ ነው። ጠበቅን።

በአማርኛም ሆነ በአውንጊ ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ተናግሮ ተናግሮ፣ ወደደም ጠላም የሚታወቀው ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ነው። እስከዚያ የሰማነው ሁሉ ወዲያም ወዲህም ሊሄድ ይችላል። ተማሪዎቼን ሳስተምር ይህን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም። አባቴ ፊት ያለው አንድ «ግን» እና ያልሞላ አንድ ቃል ነበር።

ውጭ ካፊያ ጀመረ። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ባልዲው ውስጥ ሲያርፍ ይሰማል። ስልኩ መስኮቱ ላይ ዝም ብሏል።

«ልደውልላቸው» አልኩት።

«ተዪ።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ ልኮ ከኋላ እየደወሉ ማዋከብ ነውር ነው። ሰዎቹ ሰው ቤት ተቀምጠዋል። እሷ ፊት ስልኩ ሲጮህ ምን ይባላል? ችኩል ሽማግሌ ነው አይሉኝም?»

«እሺ፣ ውጭ ወጥተው ሊያናግሩኝ ይችላሉ።»

«ይመጣል» አለ። «ቀሪው ይመጣል።»

እኔ ግን አላስቻለኝም። ወደ ጓሮ ወጥቼ በራሴ ስልክ ደወልኩ። ያቺ የምናውቃት የሴት ድምፅ የደወልኩላቸውን ሰው ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል ነገረችኝ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ፤ አሁንም እሷው ናት። ተመልሼ ስገባ አባቴ ፊቴን አይቶ፣

«ደወልሽ አይደል?» አለኝ።

«አይሠራም።»

አልተቆጣም። እንዲያውም ቀለል ያለው መሰለኝ። ኮቱን ደረበ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በትሩን አነሳ። «ሐይቁ ጋ ደርሼ ልምጣ» አለ። ሲጨንቀው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት።

ከቤታችን ወደ ዘንገና የሚወስደው የእግር መንገድ በጥቅጥቅ ዛፍ መካከል ያልፋል። ጉሙ ዛፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ቅጠሉ ሁሉ ያንጠባጥባል። ጦጣዎቹ ከላይ ሲንቀሳቀሱ ይሰማል እንጂ አይታዩም። አባቴ ከፊት ይሄዳል። አንዳንዴ ጉሙ ይሸፍነውና በትሩ መሬቱን ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ደግሞ ገለጥ ሲል ጀርባው ይታየኛል። ወጣት ይመስል ነበር ከኋላ ሲታይ። የማላውቀው፣ እናቴን እንኳ ገና ያላገኘ አንድ ሰው ከፊቴ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

አፋፉ ላይ ደረስን። ውኃው አይታይም። ሐይቁ መኖሩን የምናውቀው ከታች ከሚመጣው ቅዝቃዜና ከአንድ ወፍ ጥሪ ነው። ከወደቀ ግንድ ላይ ላስቲክ አንጥፌለት ተቀመጠ። ስልኩን አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እዚያ አፋፍ ላይ ኔትወርክ ከቤታችን ይሻላል፤ አንዷ መስመር ትወጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች።

«‹ራስ› ምን ሊሆን ይችላል?» አለኝ ድንገት።

«ብዙ ነገር ይሆናል።»

«ለምሳሌ?»

«‹ራስ ምታት አለባቸው› ሊሆን ይችላል።»

ሳቀ። ትከሻው ሁሉ ነው የሳቀው። «ሽማግሌ ሲያዩ ራሳቸውን አመማቸው በይኛ!»

«ግፊታቸው ከፍ ብሎ።»

«የኔን ስም ሲሰሙ!» አለና ደግሞ ሳቀ። ከዚያ ቀስ እያለ ሳቁ ሄደ። «‹ራስህን ቻል በሉት› ብላ ይሆናል። በዚህ ዕድሜህ ምን ትፈልጋለህ፣ ልጅህ አለችልህ፣ አርፈህ ተቀመጥ ብላ ይሆናል።»

«‹ራስህን ጠብቅ› ብለውም ይሆናል።»

«እሱስ የስንብት ነው» አለ።

ነፋስ መጣና ጉሙ ተገለጠ። ከታች የሐይቁ አንድ ጎን ብቅ አለ፤ አረንጓዴ፣ ክብ፣ ጸጥ ያለ። ካፊያው ሲነካው እንኳ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ሁለታችንም አየነው። ወዲያው ደግሞ ተሸፈነ።

«ደስ ይለኛል እንዲህ» አለ አባቴ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳላውቅ። «ሳይታወቅ። አሁን እምቢም አላለችኝ፣ እሺም አላለችኝ። በክብር ተቀብላቸዋለች፤ ሰምታለች። እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ መልካም ነው። ምናለ እዚህ ላይ ቢቆይ? ትንሽ ቀን እንኳ። ከዚያ የሚመጣው ይመጣል።»

ምን እንደሚል ገብቶኛል። ለእኔም እንደዚያ ነበር። በዚያ ጉም ውስጥ ጊዜው የቆመ ይመስል ነበር፤ አባቴ ለዘላለም አንድ እግሩን አንሥቶ ሊራመድ እንዳለ ሰው፣ እኔም ከጎኑ። እንዲያ ተቀምጠን ብንቀር የሚጎዳን ነገር ያለ አይመስልም ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሐይቁ ቅዝቃዜ ፊቴን ይነካኛል። የወይዘሮዋ ቤት ታየኝ፤ አይቼው ባላውቅም። መምህሩ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ወይዘሮዋ ወደ በሩ ያያሉ። ሁሉም ወደ በሩ ያያሉ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

«አባዬ፣ ሙሉውን የላኩ መስሏቸው ቢሆንስ?»

«እነማን?»

«መምህሩ። እዚህ ተቆርጦ እንደደረሰ እኮ እሳቸው አያውቁም። በእሳቸው በኩል ሙሉውን ጽፈዋል፣ ልከዋል፣ ጨርሰዋል። ምናልባት ከእኛ መልስ የሚፈልግ ነገር ይሆናል ቀሪው። እኛ ቀሪውን እንጠብቃለን፣ እነሱ ደግሞ እኛን ይጠብቁናል።»

በበትሩ ጫፍ ጭቃውን ጫር ጫር አደረገ።

«ዝም ማለትህን እኮ እንደ መልስ ሊወስዱት ይችላሉ» አልኩት። «ወይዘሮዋም ጭምር።»

ይህን ስል በትሩን የያዘው እጁ ጠበቅ አለ። «ዝም ማለቴን?»

«አንድ ነገር ተናግረው፣ ቃሌን ላኩለት ብለው ቢሆንና አንተ ዝም ብትል ምን ይላሉ?»

ሐይቁ ወዳለበት፣ ወደ ነጩ ጉም አየ። ከዚያ ስልኩን ከጉልበቱ አንሥቶ ዘረጋልኝ።

«ጻፊ» አለ። «ግን አጭር ይሁን። እንደ እሱ እንዳይቆረጥ። የቸኮልንም አታስመስዪ።»

«እዚህ ላይ ቆመ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«‹ራስ› ላይ ቆመ በይ። ከዚያ ወዲያ አትጨምሪ። እምቢ አሉ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ።»

ጻፍኩ። «መልእክትዎ ‹እሳቸው ግን ራስ› ላይ ተቆርጧል። ቀሪው አልደረሰንም።» አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ላክሁት። ስልኩ ለመላክ ሲሞክር ቆየ፤ መስመሯ ጠፋች፤ ተነሥቼ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ፤ መስመሯ ተመለሰች፤ ሄደ።

መደወሉ ያልሠራው መምህሩ ኔትወርክ የሌለበት ቤት ውስጥ ስለተቀመጡ እንደሆነ ገምቻለሁ። ጥሪ ሰውየው ካልተገኘ ያልቃል። ጽሑፍ ግን ይጠብቃል፤ ሰውየው ኔትወርክ ወዳለበት ብቅ ሲል ያገኘዋል። ተስፋዬ እሱ ነበር። አባቴ ግን ያን ጊዜ ነው መጨነቅ የጀመረው። እስከዚያ በእሺና በእምቢ መካከል ተንሳፍፎ ነበር፤ አሁን መሬት ነክቷል። ተነሥቶ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያያል።

«ባንጠይቅ ይሻል ነበር?» አለኝ።

«ጠይቀናል፤ አለቀ።»

ካፊያው ቆመ። ከዛፎቹ የሚወርደው ጠብታ ግን እንዳለ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላስታውስም። ድንገት ስልኩ ጮኸ። መምህሩ ናቸው። አባቴ ስልኩን ስለሰጠኝ እኔ ነኝ ያነሣሁት።

«አልደረሳችሁም?» አሉ ገና ሳልናገር። ድምፃቸው ሩቅና የተቆራረጠ ነው። «ሙሉው አልደረሳችሁም እንዴ?»

«ግማሹ ነው የደረሰን፣ ጋሼ። ‹ራስ› ላይ ቆመ።»

«ወይ ጉድ! እኛ እኮ ዝም ስትሉ... በየጊዜው ወደ መንገዱ እየወጣሁ አያለሁ፣ መልስ የለም። ከቄሱ ጋር ተማክረን፣ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሯል ልንላቸው ነበር እኮ! ወይዘሮዋም ፊታቸው ጠቁሯል።»

«ምን ነበር ቀሪው?»

«ራስህ መጥተህ ንገራቸው ነዋ! ነገሩን አልጠሉትም። ‹በሰው አፍ አልቀበልም፣ ራሳቸው መጥተው ልጆቼ ፊት ይንገሩኝ› ነው ያሉት። ልጆቻቸው ዛሬ ሁሉም እዚህ ናቸው፤ ነገ በጠዋት ወደየሥራቸው ይበተናሉ። ዛሬ ካልመጣ... ምን ልበልሽ፣ እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል? አሁን ተነሡ!»

ስልኩ ተቆረጠ። አባቴ አጠገቤ ጆሮውን አስጠግቶ ነበር፤ ሰምቷል። ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አልሳቀም። ልክ አንድ ሰው ስሙን ጠርቶት ከየት እንደተጠራ እንደሚፈልግ ዙሪያውን አየ።

«ጫማዬ ጭቃ ሆኗል» አለ።

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስን እንጃ። እኔ ጫማውን አጠብኩ፣ እሱ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ አዛንፎ የቆለፈውን ቁልፍ እኔ አስተካከልኩለት። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አግኝተን እንጅባራ መናኸሪያ ደረስን። የግምጃ ቤቱ ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ነበር የቀረው። አባቴ መስኮት ጋ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጉሙም አብሮን ተንቀሳቀሰ። በመንገዱ ዳርና ዳር ለከሰል የተተከለው ግራር እየመጣ ይጠፋል፤ የከሰል ጭስ ይሁን ጉም የማይለይ ነገር በኮረብታው ላይ ይሳባል። አንድ ሰው በፈረስ ሲያልፍ የፈረሱ ራስ ብቻ ታየኝ፤ ቀሪው ነጭ ውስጥ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ የአባቴ ደረት ኪስ ውስጥ ጢጥ አለ። አወጣውና ሰጠኝ። ከመምህሩ ነው፤ ጠዋት የተላከው መልእክት ቀሪ። «ህ መጥተህ» ብሎ ነበር የሚጀምረው።

«ደረሰ» አልኩት።

«አንብቢልኝ።»

«አሁንማ አውቀነዋል።»

«ቢሆንም አንብቢልኝ።»

ወደ ጆሮው ተጠግቼ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ነበረበት።

ግምጃ ቤት ስንደርስ ቀኑ ገና አልመሸም፤ ዝናቡም አባርቶ ነበር። መምህሩ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። አባቴን አቅፈው ሦስት ጊዜ ሳሙትና ወደ አንድ ጭቃ መንገድ መሩን። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ ተከቦ ነበር ያለው። ገና አጥሩን ስናልፍ የስልኬ መስመር ጠፋ።

ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ፣ የአንደኛው ሚስት፣ ንስሐ አባታችን። ሁሉም ተነሡ። ወይዘሮዋ ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል። አግዳሚው ላይ ካየኋቸው ይልቅ ረዘም ያሉ ሴት መሰሉኝ፤ ምናልባት እዚያ ሁልጊዜ ተቀምጠው ስለማያቸው ይሆናል። ፊታቸው አይስቅም።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ማንም ተቀመጥ አላለውም፤ እሱም መቀመጫ አልፈለገም።

«ዘገዩ» አሉ ወይዘሮዋ በአማርኛ። ለእኛ ሁሉ እንዲሰማ ብለው ይመስለኛል።

«ቃልዎ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶብኝ ነው» አለ አባቴ።

«ታዲያ ግማሹን ይዘው እንዴት መጡ?»

አባቴ ወደ እኔ ዘወር አለ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው። «መጀመሪያ ጠበቅሁት» አለ። «በኋላ ፈራሁ። እርስዎ እኔን እየጠበቁ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ጠየቅን።»

ወይዘሮዋ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንግዲህ መጥተዋል» አሉ። «ይናገሩ።»

አባቴ የተናገረው በአውንጊ ነው። ረጅም ነበር። ግማሹ አመለጠኝ። ስለ አግዳሚው እንደተናገረ ገባኝ፣ ስለ እናቴም፤ ስሟን ጠርቷታል። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ እጁ ብቻ የባርኔጣውን ጠርዝ ያዞር ነበር። ታላቅየው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሴት ልጃቸው ዓይኗን ጠረገች። አባቴ ንግግሩን ሲጨርስ ወይዘሮዋ በአውንጊ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ መምህሩም፣ ቄሱም። አባቴ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምን አሉ?» አልኩት መምህሩን በሹክሹክታ።

«‹ይኸን ሁሉ በስልክ ቢልኩት ስንት ቦታ ይቆረጥ ነበር፤ ይቀመጡ አሁን› አሉ» ብለው ነገሩኝ።

ተቀመጠ። እንጀራ ቀረበ። ወይዘሮዋ ድርሻውን በእጃቸው አጎረሱት፣ ልጆቻቸው ፊት። ታላቅየው ልጅ ተነሥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። ከዚያ ወሬው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ መንገዱ ሆነ፤ ሰው ከትልቅ ነገር በኋላ እንደሚያደርገው።

በጥቅምት ቄሱ ባረኳቸው፤ ድግሱ ትንሽ ነበር፤ ድንኳን እንኳ አልተጣለም። ወይዘሮዋ ወደ እኛ ቤት መጡ፤ ግምጃ ቤት ያለውን ቤታቸውን ታናሽየው ልጃቸው ያዘው። እኔ ዓመቱ ሳያልቅ ለትምህርት ቤቱ ቀረብ ብዬ እንጅባራ ውስጥ ቤት ተከራየሁ። ቤቱን ለሁለቱ ብተውላቸው ይሻላል ብዬ ነው፤ ማንም አላስወጣኝም። «እማማ» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ለምዶልኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባለፈው ስሄድ ጉም ነበር፤ ከአስፋልቱ ወርጄ አጥሩ ጋ እስክደርስ ምንም አላየሁም። ከውስጥ የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል። በአውንጊ ናቸው። ስለ አንድ ያረጀ ወንበር እግር እየተከራከሩ ነበር፤ እሳቸው ይጣል፣ እሱ ይጠገን። አጥሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። አባቴ ረጅም ነገር ይናገራል፣ እሳቸው በአጭሩ ይመልሳሉ፣ እሱ ይስቃል፣ ደግሞ ይጀምራል። ውሻው አሸተተኝና ጮኸ። «ማነው?» አሉ እማማ ከውስጥ። በሩም ተከፈተ።